ባዶው መንገድ ስንት ይበላል?

ወልቂጤ መናኸሪያ አካባቢ ባጃጁን ያቆመ ወጣት «ሥራ እንዴት ዋለ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ቁጥር ነው፤ «1,400 ሠራሁ» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ በራይድ፣ በፈረስ ወይም በያንጎ የሚሠራ የቡታጅራ ልጅም እንዲሁ ስልኩን አውጥቶ የቀኑን ድምር ያሳያል፤ 3,600 ብር። ሁለቱም አልዋሹም። ነገር ግን ሁለቱም የነገሩን ተሳፋሪዎች ከኪሳቸው ያወጡትን እንጂ እነሱ ያገኙትን አይደለም።

ቁጥሩ ለወሬ ብቻ ቢውል ኖሮ ምዕራፍ አያስፈልገውም ነበር። ችግሩ ውሳኔ የሚሰጥበት መሆኑ ነው። ዕቁብ የደረሰው ወንድም፣ መሬት ወይም ከብት ሸጦ ልጁን ሊያቋቁም ያሰበ አባት፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ ያጣ ወጣት፣ ሁሉም የሚያሰላስሉት በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርተው ነው። እዚሁ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ባጃጅ ይገዛ? ወይስ አዲስ አበባ ገብቶ በመተግበሪያ የሚሠራ ቪትዝ? ከተሞቹ ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደሉም። ወልቂጤ በጅማ መንገድ 158 ኪሎ ሜትር፣ ቡታጅራ ደግሞ ከ130 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ርቀት ላይ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው በየቤቱ ይነሳል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «እገሌ በቀን ይህን ያህል ይሠራል» በሚል ይዘጋል።

እስቲ አንዱን ቀን ከፍተን እንየው። ከዚህ በታች የምጠቀምባቸው የዋጋ ቁጥሮች ለስሌቱ የያዝኳቸው ናቸው። ነዳጅም፣ ጎማም፣ ኮሚሽንም ስለሚለዋወጥ አንባቢው በራሱ ቁጥር ይተካቸው፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

ሹፌራችን የራሱ ቪትዝ አለው፣ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ወጥቶ ማታ 12 ሰዓት ይገባል። በዚያ ቀን 9 ጥሪ ሠርቷል፣ ድምሩ 3,600 ብር ነው። ተሳፋሪ ጭኖ የሄደው በአማካይ ለእያንዳንዱ ጥሪ ግማሽ ሰዓት፣ በጠቅላላው 4 ሰዓት ተኩል ነው። 3,600ን ለ4 ሰዓት ተኩል ካካፈልነው በሰዓት 800 ብር ይወጣል። በሹፌሮች ጨዋታ ላይ የሚሰማው «ከቦሌ አያት በግማሽ ሰዓት 400 ብር» የሚለው ሒሳብ ይኸው ነው። ሰውየው ግን ከቤቱ የራቀው 4 ሰዓት ተኩል ሳይሆን 12 ሰዓት ነው። በ12 ስናካፍለው 800 ብሩ 300 ይሆናል። ገና አንድም ወጪ አልነካንም።

ወጪው ሲጀመር መጀመሪያ የሚረሳው ኮሚሽን ነው። የሚረሳበት ምክንያት አለው። ተሳፋሪው ብዙውን ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር ለሹፌሩ ይከፍላል፤ ድርጅቱ ድርሻውን የሚወስደው ሹፌሩ አስቀድሞ ከሞላው ሒሳብ ላይ ነው። ስለዚህ ማታ ኪስ ሲቆጠር ኮሚሽኑ አይታይም፤ ከሦስት ቀን በፊት ወጥቷል። ከመቶ 12 ብንይዝ ከ3,600 ላይ 432 ብር ነው።

ቀጥሎ ነዳጅ። እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው፤ ሹፌሩ የሚያስበው የጫነበትን መንገድ ስለሆነ። መተግበሪያው የሚያሳየው 9ኙ ጥሪ በድምሩ 63 ኪሎ ሜትር መሆኑን ነው። የመኪናው ቆጣሪ ግን ጠዋትና ማታ ሲነበብ ልዩነቱ 120 ኪሎ ሜትር ሆኖ ይገኛል። 57ቱ ኪሎ ሜትር የት ሄደ? ከቤት እስከ መጀመሪያው ጥሪ፣ ከእያንዳንዱ ጥሪ ወደ ተሳፋሪው ደጅ፣ ተሳፋሪው ሰፈር ጫፍ ላይ ከወረደ በኋላ ሰው ወደሚበዛበት፣ ማታ ወደ ቤት። ማንም አልከፈለበትም፤ ሞተሩ ግን ሠርቶበታል። መኪናው በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 120 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ይጠጣል፤ በሊትር 130 ብር 1,300 ብር ነው። ለስልክ፣ ለእጥበትና ለማቆሚያ 150 ብር ጨምሩበት። ከ3,600 ላይ ይህ ሁሉ ሲቀነስ 1,718 ብር ይቀራል። ማታ ኪስ ውስጥ ያለው ይህ ነው፤ አብዛኛው ሹፌርም «የተጣራ» የሚለው ይህንን ነው።

ገና አልተጣራም። መኪናው በየኪሎ ሜትሩ ይበላል፣ ሒሳቡን ግን በየወሩ ወይም በየዓመቱ ነው የሚልከው። ዘይትና ፊልትሮ በ5,000 ኪሎ ሜትር አንዴ 6,000 ብር ከፈጀ በኪሎ ሜትር 1 ብር ከ20 ሳንቲም ነው። አራት ጎማ በ28,000 ብር ተገዝቶ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል በኪሎ ሜትር 70 ሳንቲም። የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ባትሪ፣ በየጉድጓዱ የሚላላው የእግር ሥራ፣ ሁሉንም 2 ብር ከ60 እንያዝለት። በድምሩ በኪሎ ሜትር 4 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ በቀኑ 120 ኪሎ ሜትር 540 ብር። ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የንግድ ፈቃድና ግብር በዓመት 30,000 ብር ቢሆኑና ሰውየው 300 ቀን ቢሠራ ለቀኑ 100 ብር ይደርሰዋል። እነዚህ ሲቀነሱ 1,718ቱ 1,078 ይሆናል።

አሁን ደግሞ ስለ መኪናው እርጅና። በዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ፤ ክርክሩም ምክንያት አለው። «መኪናዬ ምን አረጀ? ከገዛሁበት በላይ ያወጣል!» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያኔ የቆመ መኪና ሁሉ በብር ሲቆጠር ዋጋው ወጣ። ነገር ግን የጨመረው የመኪና ዋጋ እንጂ የእርስዎ መኪና ዕድሜ አይደለም። የእርጅናውን ልክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የድሮውን የግዢ ዋጋ ትቶ በአንድ ቀን፣ በአንድ ገበያ ሁለት መኪና ያወዳድር፤ ዓመተ ምሕረቱና ዓይነቱ አንድ ሆኖ አንደኛው ከሌላው 100,000 ኪሎ ሜትር አብልጦ የሄደ። ደላላው በመሀላቸው 200,000 ብር ልዩነት ቢነግረው፣ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 2 ብር በልቷል ማለት ነው። በ120 ኪሎ ሜትር 240 ብር። ከ1,078 ላይ ሲነሳ 838 ብር ይቀራል።

838ን ለ12 ሰዓት ስናካፍል በሰዓት 70 ብር ገደማ ነው። ከ800 ብር የተነሳው ሰዓት እዚህ ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዕቁብ አውጥቶ መኪና ሊገዛ ላሰበ ሰው ዋናው ይህ ሊሆን ይችላልና። መኪናው 1,600,000 ብር ቢያወጣ፣ ያው ገንዘብ ባንክ በመደበኛ የቁጠባ ወለድ በ7 ከመቶ ተቀምጦ ቢሆን በዓመት 112,000 ብር ያመጣ ነበር። ለ300 የሥራ ቀን ሲከፈል 373 ብር በቀን ነው። ስለዚህ ከ838 ብሩ ውስጥ 373ቱ የገንዘቡ ድርሻ ነው፤ ለሹፌሩ ጉልበት የሚተርፈው 465 ብር፣ በሰዓት 39 ብር ያህል። በሰው መኪና ለሚሠራ ሹፌር ይህ ክፍፍል ግልጽ ነው፤ የባለቤቱን ድርሻ በየማታው ያስረክባል። የራሱ መኪና ያለው ግን ባለቤትም ሹፌርም ራሱ ስለሆነ ሁለቱን ኪስ አቀላቅሎ የጉልበቱን ዋጋ ያገኘ ይመስለዋል።

ሥራ የሚጠበቅበትን ሰዓት መቁጠር የእኔ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። የኒውዮርክ ከተማ የታክሲና ሊሙዚን ኮሚሽን በ2018 እ.ኤ.አ. ለመተግበሪያ ሹፌሮች ዝቅተኛ ክፍያ ሲወስን የተነሳው ከዚህ ነው። ግቡ ሹፌሩ ከወጪ በኋላ በሰዓት 17 ዶላር ከ22 ሳንቲም እንዲያገኝ ነበር። ለዚህም በማይልና በደቂቃ የተቀመጠውን ዋጋ እንዳለ አልተወውም፤ ለ0.58 አካፈለው። ምክንያቱም ጥናቱ ሹፌሮች መተግበሪያ ከፍተው ካሳለፉት ጊዜ ውስጥ ተሳፋሪ የያዙት 58 ከመቶውን ብቻ መሆኑን አሳይቶ ነበር። የተቀረው 42 ከመቶ ቢጠበቅም ቢዞርም ጊዜው ሥራ ነውና ክፍያው ተሳፋሪ በተጫነበት ደቂቃ ላይ እንዲታሰብ ተደረገ። የእኛን ሹፌር በዚህ ሚዛን ብናየው 4 ሰዓት ተኩል ከ12 ሰዓት 37.5 ከመቶ ነው። ተሳፋሪ የያዘበት አንድ ደቂቃ ሌሎቹንም ጨምሮ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ መሸከም አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ስሌት የሚሠራለት ስለሌለ ራሱ ሊሠራው ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሹፌሩ በእጁ ሊይዝ የሚገባው አንድ ቁጥር አለ፤ የአንድ ኪሎ ሜትር ዋጋ። ነዳጁ በኪሎ ሜትር 10 ብር ከ83፣ ጥገናና እርጅናው 6 ብር ከ50፣ በድምሩ 17 ብር ከ33 ሳንቲም። ጭኖም ይሂድ ባዶውን፣ ያው ነው። ይህን የያዘ ሹፌር ጥሪ ሲመጣለት የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ 280 ብር የሚያስገኝ የ4 ኪሎ ሜትር ጥሪ መጣ እንበል። ተሳፋሪዋ ያለችው 5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው፣ የምትወርድበት ሰፈር ደግሞ ጥሪ ስለሌለው 3 ኪሎ ሜትር ተመልሶ መውጣት አለ። ጠቅላላው 12 ኪሎ ሜትር፣ 208 ብር ነው። ኮሚሽኑ 34 ብር። 280 ብሩ 38 ብር ሆነ፤ ለሦስት ሩብ ሰዓት መጨናነቅ። ይህንን ጥሪ መቀበል ግዴታ አይደለም፤ አለመቀበሉ ቦነስ የሚያሳጣ ከሆነም ቦነሱን ከ38 ብሩ ጋር አስተያይቶ መወሰን ነው።

በሌላ በኩል ያው ሹፌር 9ኙን ጥሪ እንደያዘ ባዶ መንገዱን በ20 ኪሎ ሜትር ቢቀንስ ነዳጅ 217 ብር፣ ጥገናና እርጅና 130 ብር፣ በድምሩ 347 ብር ይተርፈዋል። 838ቱ 1,185 ይሆናል። አንድ ተሳፋሪ ሳይጨምር ገቢው በ41 ከመቶ ወጣ ማለት ነው። ባዶ መንገድ የሚቀነሰው በመቆም ነው፤ ተሳፋሪ ባወረዱበት አቅራቢያ ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ። ብዙ ሹፌር ቆሞ መጠበቅን እንደ ስንፍና ያየዋል፤ መዞር ሥራ ይመስለዋል። ዞሮ የሚያገኘው ጥሪ ግን የዞረበትን 17 ብር በየኪሎ ሜትሩ ካልመለሰ ቢቆም ይሻለው ነበር።

በሞተር ሳይክል ምግብና ዕቃ ለሚያደርሱት ነዳጁ ጥቂት ስለሆነ ሚዛኑ ወደ ሰዓቱ ያዘነብላል። እነሱን የሚጎዳቸው የምግብ ቤት ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ትእዛዝ እስኪወጣ መቆም ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰውም የነዳጁን መስመር ይቀንሳል እንጂ የጥበቃው ሰዓትና የባዶው መንገድ ጎማ አይቀርለትም።

አሁን ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ እንመለስ። እዚያ የመተግበሪያውን ቦታ የያዙት ባለቤቱ፣ ማኅበሩና ተራ አስከባሪው ናቸው፤ ስሌቱ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ይጠብቃል። አብዛኛው ወጣት ባጃጁን የሚነዳው ለባለቤቱ የቀን ገቢ እያስገባ ነው። የቀን ገቢ ደግሞ ከኮሚሽን በባሕርይው ይለያል። ኮሚሽን ሥራ ሲጠፋ ይቀንሳል፤ ገቢ ግን ዝናብ ቢዘንብ፣ ቤንዚን ቢጠፋ፣ መንገድ ቢዘጋ አይቀንስም። ያልተሠራበት ሰዓት ኪሳራ ሙሉ በሙሉ የሚወድቀው በሹፌሩ ላይ ነው።

በ11 ሰዓት 1,400 ብር የሠራውን ልጅ እንውሰድ። የቀን ገቢ 500 ብር አስገባ። 100 ኪሎ ሜትር ሄዶ በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ሒሳብ 4 ሊትር፣ 520 ብር አወጣ። ለማኅበርና ለተራ፣ ለእጥበትም 70 ብር ሰጠ። የቀረው 310 ብር ነው፤ በሰዓት 28 ብር። ይህ ማደያው ላይ ቤንዚን ያገኘበት ቀን ነው።

ማደያው ደርቆ በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ሲገዛስ? በሊትር 180 ብር ብለን እንያዘው። በ4 ሊትር 200 ብር ተጨማሪ ነው፤ 310ሩ ወደ 110 ብር ይወርዳል፣ በሰዓት 10 ብር። ሕገ ወጥ መሆኑ እንዳለ ሆኖ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ቤንዚን ሞተሩ ላይ የሚያደርሰውም አለ። አይ፣ ሰልፍ እጠብቃለሁ ቢልስ? ሦስት ሰዓት ሰልፍ ላይ ከቆመ ከ1,400ው 350 ያህሉ ይቀርበታል፣ ያልሄደበት ነዳጅ 130 ብር ይተርፈዋል፤ በውጤቱ 90 ብር ይዞ ይገባል። ሁለቱም መንገዶች የሚያደርሱት እዚያው ነው። ከሁለቱ የትኛውም የልጁ ጥፋት አይደለም፤ ዕዳው ግን የእሱ ሆኗል። የነዳጅ ክፍያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብርና በመሰል ዲጂታል መንገድ እንዲሆን ተደርጓል፤ በዚያ የተመዘገበው የሊትር ቁጥር በስልክ ላይ ስለሚቀር ለሒሳብ ደብተር ጥሩ ምስክር ነው። ከጠርሙስ የተገዛው ግን የትም አይመዘገብም፤ ስለዚህ ያን ቀን ሹፌሩ ራሱ ካልጻፈው ከትዝታም ይወጣል።

የነዳጅ ዋጋ ራሱ በምን ፍጥነት ሒሳቡን እንደሚሰብር ለማየት ወደ ኋላ ብዙ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ 82 ብር ከ60 ሳንቲም ነበር፤ መስከረም 28 ወደ 91 ብር ከ14፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ ወደ 101 ብር ከ47 ወጣ። በቀን 10 ሊትር ለሚጠጣ መኪና በሦስት ወር ውስጥ በየቀኑ ወደ 189 ብር ተጨመረ ማለት ነው። ታሪፉ በዚያው ሳምንት ካልተስተካከለ ልዩነቱን የሚከፍለው ሹፌሩ ነው። ስለዚህ ነዳጅ በጨመረ ማግሥት የኪሎ ሜትሩን ዋጋ እንደገና ማስላት ግድ ነው።

ባጃጅ ላይ የመጠበቅ ጉዳይ ሌላ መልክ አለው። በሰው ሒሳብ ሲጫን ሹፌሩ ሁለት ሰው ይዞ ሦስተኛውን ይጠብቃል። እስከ ስንት ደቂቃ ቢጠብቅ ያዋጣዋል? ከ1,400 ላይ ነዳጁን 520 ስንቀንስ 880 ብር ይቀራል፤ በ11 ሰዓት፣ ማለትም በ660 ደቂቃ ስናካፍለው አንድ ደቂቃው 1 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። ሦስተኛው ሰው 20 ብር የሚከፍል ከሆነና የሚጨምረው ነዳጅ ከቁጥር የማይገባ ከሆነ እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ ያዋጣል፤ ከዚያ በላይ የቀኑን ልክ ይበላል። ይህ ግን የሚሠራው በሚደርስበት ጫፍ ሰው የሚጠብቀው ሲሆን ነው። ከወልቂጤ ወደ ጉብሬ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ ጠዋት የሚሄድ ሁሉ ሞልቶ ሊሄድ ይችላል፤ ያን ሰዓት ከጉብሬ የሚመለሰው ሰው ግን ጥቂት ነው። ተማሪ በዕረፍት ላይ ሲሆን ደግሞ መንገዱ በሁለቱም ወገን ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የአንድ መስመር ዋጋ የሚታወቀው ሄዶ ሲመለስ ነው፤ በሄደበት ብቻ አይደለም።

ይህ ነገር በመስቀል ሰሞን ጎልቶ ይታያል። ጉራጌ ከያለበት አገሩ የሚገባው ለመስቀል ነው፤ ሙስሊሙ ወገን ደግሞ ለአረፋ። በመስከረም አጋማሽ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚወጣው ሰው መኪና ያጣል፤ ባጃጁም በየገጠሩ መግቢያ ዕረፍት አያገኝም። አዲስ አበባ ያለው ሹፌር ያኔ «ኮንትራት ቡታጅራ አድርሰኝ» የሚል ደንበኛ ያገኛል፤ ዋጋውም ሲሰማ ያጓጓል። 6,000 ብር ይሁን እንበል። በአውራ ጎዳና መኪናው በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ኪሎ ሜትሩ 15 ብር ከ17 ሳንቲም ነው። ደርሶ መልስ 270 ኪሎ ሜትር 4,095 ብር ይወስዳል። ከ6,000ው የሚተርፈው 1,905 ብር ነው። ይህ ከተማ ውስጥ ከሚውልበት ቀን ይሻላል፤ ነገር ግን የአንድ መንገድ ብቻ አስቦ 4,000 ብር የተስማማ ሹፌር ከኪሱ ጨምሮ ነው የሄደው። ከበዓሉ በፊት ሁሉም ወደ ታች ስለሚሄድ የመመለሻው መንገድ ለሁሉም ባዶ ነው፤ ከበዓሉ በኋላ ደግሞ የመውረጃው። ዋጋውን ሲነጋገሩ የሁለቱን መንገድ መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የመስቀል ሳምንት ሌላም ጉዳት አለው። ባጃጅ ሊገዛ ያሰበ ሰው የሚያየው ያን ሳምንት ነው፤ ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ ስለ ሥራ የሚነጋገረው ያኔ ነውና። «በቀን 3,000 ሠራ» ሲባል ሰምቶ ይህንን በ300 ቀን ያባዛል። ዓመቱን ሙሉ የሚወስነው ግን በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ፣ በተራ ማክሰኞና ረቡዕ የሚሠራው ነው።

ትክክለኛውን ልክ ለማግኘት የሚያስፈልገው ደብተርና የአንድ ወር ትዕግሥት ነው። ሰኞ ጠዋት ታንኩን እስከ አፉ መሙላትና የቆጣሪውን ቁጥር መጻፍ፤ በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና እስከ አፉ መሙላትና የገባውን ሊትርና የሄደውን ኪሎ ሜትር መጻፍ። መኪናው በሊትር ስንት እንደሚሄድ የሚያሳውቀው ይህ ብቻ ነው፤ የነዳጁ ጠቋሚም የሻጩ ቃልም አይደለም። በየቀኑ ከቤት የተወጣበትንና የተገባበትን ሰዓት መጻፍ፣ የተጫነበትን አይደለም። መተግበሪያው የመዘገበውን ኪሎ ሜትር ከቆጣሪው ጎን ማስቀመጥ፤ ልዩነቱ ባዶው መንገድ ነው። የጋራዥ ወጪ ሲመጣ ለዚያ ቀን ብቻ ሳይሆን ለተሠራበት ኪሎ ሜትር ማካፈል። ቆጣሪው የማይሠራ ባጃጅ ብዙ ስላለ፣ ቆጣሪውን ማሠራት ከሁሉ ቀዳሚ ወጪ ይሁን፤ ያለ እሱ ይህ ሁሉ ግምት ነው።

ባጃጅ ሊገዛ የፈለገ ሰውም ከባለቤቱ ወገን ይህንኑ ይሥራ። በቀን 500 ብር ገቢ በ300 ቀን 150,000 ብር ነው ተብሎ አይቆምም። ባጃጁ ጋራዥ የቆመበት ቀን ገቢ የለም። ሞተሩን የሚሳሳለት ሹፌርም የለም፤ ልጁ የሚፈልገው የዛሬውን 500 ሞልቶ የራሱን ማውጣት ነውና ጭነቱን ይጨምራል፣ ዘይቱን ያዘገያል። በዚህ ልጁን አልወቅሰውም፤ በሰዓት 10 ብርና 28 ብር መካከል የሚውል ሰው ስለ ሰው ሞተር ዕድሜ እንዲያስብ የሚያደርግ ውል አልተሰጠውም። ገቢውን በቋሚ ልክ ከመቁረጥ ይልቅ ከነዳጅ በኋላ የተረፈውን በድርሻ መከፋፈል፣ ቢያንስ ነዳጅ በጠፋበትና ባጃጁ ጋራዥ በዋለበት ቀን ገቢውን መተው ለሁለቱም የሚበጅ ይመስለኛል። ድርሻ መተማመንን ይጠይቃል፤ ደብተሩ የሚያግዘው እዚህም ላይ ነው።

ስለዚህ ዕቁብ የደረሰው ወንድምዎ ወይም ሥራ የሚፈልገው ልጅዎ «እገሌ በቀን ይህን ያህል ይሠራል» ብሎ ሲመጣ፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት አብራችሁ ሂዱና እገሌን ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚውል፣ ጠዋትና ማታ ቆጣሪው ስንት እንደሚያነብ፣ ባለፈው ዓመት ለጋራዥ በጠቅላላው ስንት እንደከፈለ። ሦስቱን መመለስ ካልቻለ የነገራችሁን ቁጥር ይዛችሁ አትግዙ።